በዓሉ ቅዳሜ፣ ደመራው ዓርብ

በ2018 ዓ.ም. የመስቀል በዓል፣ መስከረም 17፣ የዋለው ቅዳሜ ነበር። ደመራው ግን ዓርብ ማታ ስለሆነ፣ ናይሮቢ ያለን ብዙ ወላጆች ልጆቻችን በጊዜ እንዲወጡ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። «በዓሉ ነገ ከሆነ ዛሬ ለምን ትወጣለህ?» የተባለ ልጅ ምን ይመልስ?

እኔ መልሱን የማስረዳው ከጨረቃ ጀምሬ ነው። የምሠራው መሃል ከተማ፣ ከጃሚያ መስጊድ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ። አዲስ ጨረቃ ደግሞ የምትታየው ጀንበር እንደጠለቀች፣ በምዕራብ በኩል፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥና ነው፤ ብዙም ሳትቆይ እሷም ትጠልቃለች። ወሩ በዚያች ምሽት ስለሚገባ የወሩ የመጀመሪያ ቀንም አብሮ ይገባል። ሌሊቱ ይቀድማል፣ ብርሃኑ ይከተላል። በረመዳን ገና አንድም ቀን ሳይጾም ተራዊሕ የሚሰገደው ለዚህ ነው። በ29ኛው ቀን ማታ ጨረቃ ከታየች ደግሞ ያች ሌሊት የዒድ ናት፤ ተራዊሕ አይሰገድባትም። ካልታየች 30 ይሞላል።

ዩኒቨርሲቲ ዌይ ላይ ባለው ምኵራብም ሰንበት የሚገባው ዓርብ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የአይሁድም ወር በጨረቃ ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረትም የፍጥረትን ቀናት ሲቆጥር ማታን አስቀድሞ ጧትን ያስከትላል።

የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ጨረቃ አንጠብቅም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ቀንን ከማታ የመጀመሩን ልማድ ይዛ ቆይታለች። ስለዚህ ዋዜማው የበዓሉ መግቢያ ነው። በአዲስ አበባ ደመራው መስከረም 16 ወደ ማታ ይለኮሳል፤ በ17 ማለዳ የሚለኩሱ አገሮችም አሉ፤ በዚህ አቆጣጠር ሁለቱም ያው አንድ ቀን ነው። በጥምቀትም ታቦታቱ በከተራ፣ ጥር 10፣ ወርደው ያድራሉ። አማርኛችንም ይህን አልረሳም፤ የቅዳሜን ሌሊት «ለእሑድ አጥቢያ» እንላለን።

ጾም ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ማክሰኞ ማታ ሥጋ የበላ ሰው የረቡዕን ጾም ገደፈ አይባልም። ረመዳንም በምሽት ይገባል እንጂ ጾሙ የሚያዘው ጎህ ሲቀድ ነው።

ለዚህ አቆጣጠር ናይሮቢ የተመቸች ናት። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ጀንበር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ ግን በሰኔ ዋዜማ በጀንበር ልጀምር ብትል እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መጠበቅ አለባት፤ ልጆቿ ያን ጊዜ ተኝተዋል።