ታካ ነው ወይስ ሰሜን?

ዛሬ ካላክላ ላፋ፣ እዚያው ሻይ ቦታችን፣ ሁለቱ ጓደኞቻችን በአንድ የተራራ ፎቶ ሊጣሉ ደረሱ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር የመጣ ነው፤ የቦታ ስም የለው፣ ቀን የለው። የደባርቁ ልጅ ገና ሲያየው «ሰሜን ተራራ ነው!» አለ። ከሰላ አትክልት ቦታ ሲሠራ የኖረው ደግሞ «ወንድሜ፣ ይሄ ታካ ነው፤ ከሥሩ ስውል ኖሬያለሁ» ብሎ ደረቀ።

የደባርቁ ልጅ የያዘው ከግርጌው የቆመችውን አንዲት ተክል ነው። ግንዷ ረዥም፣ አናቷ ላይ ቅጠሏ ጨፈር ያለ። «ጅብራ ናት፣ አታዩም?» አለን። ጅብራ ከሆነች ክርክሩ አለቀ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውርጭ ባለበት የምትበቅል ናትና። የከሰላው ግን ፎቶውን በጣቱ አሰፋው። ግንዷ መሐሉ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ጅብራ ቀጥ ያለች ባለ አንድ ግንድ ናት፤ ግንዱ እየተከፈለ የሚያድገው የጋሽ ዳር ዘንባባ፣ ሱዳኖች ዶም የሚሉት ነው። ከጎኗ ያለው ቤት ደግሞ ጣራው ጠፍጣፋ ጭቃ ነው። የደባርቅ ክረምት ይህን ጣራ አንድ ሐምሌ አያሳድረውም። ደባርቄው ግን «ጭቃው ለጊዜው ነው፣ ቆርቆሮ ሊመታበት ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅንበት።

እኔን ያበገነኝ ግን ስም የሌለው ፎቶ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ የፈነዳ ሰሞን፣ «ካላክላ ነደደች» ተብሎ የጭስ ፎቶ ለእናቴ ተላከላት። ስልክ አይሠራም፤ ሞቷል ብላ አለቀሰች። በኋላ ፎቶውን አየሁት፤ ፎቅ በፎቅ የሆነ ከተማ ነው። የእኛ ሰፈር ጃሉስና ጡብ፣ አብዛኛው ምድር ቤት አይደለም እንዴ? ላኪው አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም። ያን ለቅሶ ማን ይመልሰዋል?

ወደ ተራራው። ወሳኙ ድንጋዩ ነው። ሰሜን ተራራ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ እያፈሰሰ የደራረበው ስለሆነ ገደሉ ላይ እርከን በእርከን ይታያል። ታካ ግራናይት ነው፤ ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እየተነሣ ስለሚወድቅ ሙልል ያለ፣ ክብ ነው። ፎቶው ላይ አንድም እርከን የለም፤ ውሃ የወረደበት ጥቁር መስመር ብቻ ከአናቱ እስከ ግርጌው። ይህ ሰሜንን ያስወጣል እንጂ ታካን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለ መላጣ ድንጋይ ሞልቷል። ያረጋገጠው የፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ከድንጋዩ ሥር የተጠጋው አሮጌ የኻትሚያ መስጊድ ነው፤ የሰይድ ሐሰን አል ሚርጋኒ መቃብር ያለበት።

ታካ ነው። የሻዩን ሒሳብ ደባርቄው ከፈለ። እናንተም እባካችሁ፣ ፎቶ ስትልኩ የቦታውን ስምና ቀኑን ጻፉበት።