«ኢንፍሌሽኑ 2% ብቻ ነው» የሚባል ቶክን ስታዩ

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ አንድ ኮይን አግኝቻለሁ። ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ነው፣ ኢንፍሌሽኑም በዓመት 2% ብቻ ነው። የእቁብ ብሬን ላስገባበት?» የእቁብ ብር ነው ሲለኝ «አዎ» ወይም «ተው» ብሎ ማለፍ ከበደኝ። ስለዚህ የመለስኩለትን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የአንዷ ፍሬ ዋጋ ርካሽ መሆኑ ለብቻው ምንም አይነግረንም። መቶ ጆንያ ሽንኩርት አለ እንበል። ገበያ የወጣው 13 ጆንያ ብቻ ነው፣ 87ቱ መጋዘን ተቆልፎበታል። ዛሬ የምትሰሙት ዋጋ 13ቱ ጆንያ ብቻ ገበያ ላይ ስላለ የመጣ ዋጋ ነው። መጋዘኑ የማን ነው? መቼስ ይከፈታል? የቶክን ነገርም ይኸው ነው።

ቁጥሩን ከእውነተኛ ምሳሌ እንይ። አርቢትረም የሚባለው፣ የኢትሪየምን ግብይት የሚያፋጥንና ክፍያውን የሚቀንስ ኔትወርክ፣ ARB የተባለ ቶክኑን ያወጣው በማርች 2023 ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጠቅላላው 10 ቢሊዮን ነው። መጀመሪያ ላይ ለተጠቃሚዎችና በኔትወርኩ ላይ ለሚሠሩ ማኅበረሰቦች በነፃ የታደለው ግን 12.75% ብቻ ነበር፣ ማለትም 1.275 ቢሊዮን። 42.78% ባለ ቶክኖች በድምፅ ለሚያዙበት ግምጃ ቤትና ለአርቢትረም ፋውንዴሽን ተመደበ። ቀሪው 44.47% የሠራተኞቹ፣ የአማካሪዎቹና ቀድመው ገንዘብ ያስገቡት ባለሀብቶች ድርሻ ሲሆን፣ ወዲያው እንዳይሸጡት ተቆለፈ።

ይህ ቁልፍ ነው ቨስቲንግ የሚባለው። የ ARB ቁልፍ የአራት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አይለቀቅም። ዓመቱ ሲሞላ፣ በማርች 2024፣ ሩቡ በአንድ ቀን ተለቀቀ፦ 1.11 ቢሊዮን ገደማ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ከታደለው ጠቅላላ ብዛት ጋር የሚቀራረብ ነው። እንዲህ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚለውን ክሊፍ ይሉታል። ቀሪው ደግሞ ለ36 ወራት፣ በየወሩ ወደ 92.6 ሚሊዮን እየሆነ ይወጣል።

አሁን ወደ 2%ቱ እንምጣ። የ ARB ሰነድም በዓመት ቢበዛ 2% ኢንፍሌሽን ይፈቅዳል። ውሸት አይደለም! ግን የሚናገረው ከ10 ቢሊዮኑ በላይ አዲስ ስለሚፈጠር ቶክን ነው። ከመጋዘን ስለሚወጣው አይደለም። እስቲ እናስላው። 1.275 ላይ 1.11 ስንደምር፣ ከግምጃ ቤቱ የወጣውን ሳንቆጥር፣ 2.39 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት 12 ጊዜ 92.6 ሚሊዮን፣ ማለትም ሌላ 1.11 ቢሊዮን ይጨመርበታል። 1.11ን ለ2.39 አካፍሉት፦ 46% በላይ። ለገዢው ትርጉም ያለው ኢንፍሌሽን ይሄኛው ነው። ዋጋው ባለበት እንዲቆይ እንኳ፣ በዚያ ዓመት የገበያው ጠቅላላ ዋጋ 46% ማደግ ነበረበት።

የሆነውስ? በማርች 2024 መጀመሪያ 2 ዶላር አካባቢ የነበረው ARB በኦገስት ከ1 ዶላር በታች ነበር። ሁሉንም በቁልፉ መፈታት አላሳብብም፣ በእነዚያ ወራት ሌላውም ገበያ ወርዷል። ደግሞም የተለቀቀ ሁሉ አይሸጥም፣ ሰንጠረዡን ያነበቡ ነጋዴዎችም ቀኑ ሳይደርስ ቀድመው ይሸጣሉ። ስለዚህ ሰንጠረዡ ዋጋን አይተነብይም። ከእናንተ ቀጥሎ ማን፣ ስንት ይዞ፣ መቼ ወደ ገበያ ሊመጣ እንደሚችል ነው የሚያሳየው። አርቢትረምን መውቀሴም አይደለም፣ ሰንጠረዡን ከመነሻው ይፋ አድርጓል። እኔን የሚያስፈራኝ ጭራሽ ሰንጠረዥ የሌለው ነው።

እንዴት ታዩታላችሁ? ኮይንጌኮ ላይ የቶክኑን ገጽ ክፈቱና `Circulating Supply` እና `Max Supply` የሚሉትን አነጻጽሩ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በጣም ካነሰ፣ መጋዘኑ ሙሉ ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ቶክን `Max Supply` ላይ ∞ ተጽፎበት ታገኛላችሁ፤ ያኔ በየዓመቱ ስንት እንደሚፈጠር ከፕሮጀክቱ ሰነድ መፈለግ ግድ ነው። ከዚያ የማከፋፈያ ሰንጠረዡን ፈልጉና በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚለቀቀውን ደምሩ፦

```
የ12 ወሩ ልቀት ÷ Circulating Supply × 100
```

ግምጃ ቤቱን ለብቻው እዩት። እንደ ARB በድምፅ የሚወጣ ከሆነ ወርሃዊ ቀን የለውም፣ ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ድምፅ የተሰጠባቸውን ውሳኔዎች አንብቦ ለማን ምን ያህል እንደወጣ ማየት ነው ያለው፤ ትንሽ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን አንድ ምሽት ይበቃዋል።