ዮዮው ለምን ቀስ አለ? (የዘገየ እርማት)

የሕትመት እርማት ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው። «ባለፈው ዕትማችን እንዲህ ያልነው እንዲህ ተብሎ ይነበብ» ይልና ያልፋል። የእኛ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ አንባቢዎቻችን ትንሽ ታገሡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን፣ አንድ ቤት ተጋርተን የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ከዚህ ቀደም ለልጆች በምትታተም ትንሽ መጽሔት ላይ የልጆችን ጥያቄ የምንመልስባት ዓምድ ነበረችን። አንድ ልጅ «ዮዮ ከእጄ ስለቀው ለምን እንደ ድንጋይ አይወድቅም?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ማታ ሻይ እየጠጣን፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ «ክሩ እየታከከ ይይዘዋል፤ አየሩም ያግደዋል» ብለን ጻፍን። ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር። ታተመ። እኛም ረሳነው።

ያልረሳው የአንዷችን ታናሽ ወንድም ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። መምህሩ ይህንኑ ጥያቄ የቤት ሥራ ሲሰጡ የእኛን መልስ ቃል በቃል ገልብጦ አስረከበና ዜሮ አገኘ። መምህሩ ልክ ነበሩ። ደብተሩን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታትሞ ስላየሁት እኮ ነው ያመንኩት።» ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የሚወስደው ጋዜጠኛ ካለ እንኳን ደስ ያለው። እኛን አልወሰደንም።

በማግስቱ ቤት ውስጥ ያለውን ሰበሰብን። ዘፈን ተቀድቶባቸው የተጫጫሩ ሁለት ሲዲዎች፣ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን፣ ጠንካራ ማጣበቂያና የስፌት ክር። ክዳኑን መሃል አድርገን ሲዲዎቹን በግራና በቀኝ ለጠፍንበት፤ ክሩን ክዳኑ ላይ አሰርንና ጠመጠምነው። ዮዮ ሆነ። ሲዲ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልን፤ ወደኋላ እንፈልጋቸዋለን።

መጀመሪያ የራሳችንን መልስ ፈተንን። ክሩን ሳንይዝ ዮዮውን ከአንድ ሜትር ከፍታ ቀጥ አድርገን ለቀቅነው። ግማሽ ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ መሬት ደረሰ። በስሌት 0.45 ሰከንድ ነው፤ ድንጋይም ቢሆን ያው ነው። እንግዲያው አየሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። ቀጥለን የክሩን ጫፍ ይዘን ለቀቅነው። በስልካችን ቪዲዮ ደጋግመን ብንለካው 1.4 ሰከንድ አካባቢ ወሰደበት፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ታዲያ ያዘገየው የክሩ መታከክ ይሆን? መታከክ ቢሆን ኖሮ የወደቀበት ጉልበት ወደ ሙቀት ተቀይሮ በቀረ ነበር። ዮዮው ግን ታች ደርሶ ራሱን መልሶ እየጠመጠመ አብዛኛውን ከፍታ ወጣ። የባከነ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ጉልበቱ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

የተቀመጠው መዞሩ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ወንድማችን ደብተሩን ይዞ መምህራችን ሆነ።

«ዮዮው ላይ ስንት ኃይል አለ?» አለን። ሁለት። ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት፣ ወደ ላይ የሚስበው የክሩ ውጥረት። «ማናቸው ናቸው የሚያዞሩት?» ሦስታችንም «ስበት» አልን። ሳቀብን። ስበት የሚስበው በዮዮው መሃል በኩል ስለሆነ ሊያዞረው አይችልም፤ በር ማጠፊያው ላይ ቢገፉት እንደማይዞረው ሁሉ። የሚያዞረው ክሩ ነው። ክሩ የሚስበው ከመሃል 1.5 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በክዳኑ ዳር ነው። ኃይል ከመሃል ርቆ ሲስብ የሚፈጥረው የማዞር አቅም ቶርክ ይባላል፤ ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ ይገኛል።

ቶርኩ ታዲያ ባለጋራ አለው። ሲዲዎቹ ቆመው ሳለ መዞር አይፈልጉም፤ መዞር ከጀመሩ ደግሞ መቆም አይፈልጉም። ይህ እምቢታቸው የመዞር ኢነርሺያ ነው። ክብደት ብቻውን አይወስነውም፤ ክብደቱ ከመሃል ምን ያህል ርቆ ተቀምጧል የሚለውም ወሳኝ ነው፤ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። የክሩ ክንድ አጭር፣ የሲዲው ጠርዝ ሩቅ ነው። ስለዚህ ክሩ በዚያች አጭር ክንድ ያን ሰፊ ጎማ ለማዞር በኃይል መወጠር አለበት። ወደ ላይ በኃይል የሚወጠር ክር ደግሞ ውድቀቱን ይቀንሳል። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ክሩ ዮዮውን የሚያዘገየው እየታከከው ሳይሆን እያዞረው ነው።

ምን ያህል? ወንድማችን የጻፈልን ቀመር አንድ መስመር ነው፤

```
a = g / (1 + I/(m·r²))
```

a የዮዮው ፍጥንጥነት፣ g የነፃ ውድቀት ፍጥንጥነት፣ I የመዞር ኢነርሺያው፣ m መጠነ ቁሱ፣ r ክሩ የተጠመጠመበት ዘንግ ራዲየስ ነው። ለጠፍጣፋ ክብ ነገር ስሌቱ ቀላል ነው። የሲዲውን 6 ለክዳኑ 1.5 ስናካፍል 4፤ አራትን በራሱ ስናባዛ 16፤ ግማሹ 8። አንድ ስንደምርበት 9። ስለዚህ የእኛ ዮዮ የሚወድቀው በነፃ ውድቀት ፍጥንጥነት አንድ ዘጠነኛ ነው፤ ክዳኑንና ማጣበቂያውን ከቁብ ሳንቆጥር። ጊዜው በዘጠኝ እጥፍ ሳይሆን በሦስት እጥፍ የሚረዝመው የወደቀው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ነው። ሦስት ጊዜ 0.45፣ 1.35። ስልካችን የነገረንም ይህንኑ ነበር።

ይኸው 9 ሌላም ነገር ይናገራል። ዮዮው እየወረደ ሳለ ክሩ የሚሸከመው ከክብደቱ ከዘጠኝ እጅ ስምንቱን ነው። ወደ ታች ለመሄድ የተረፈችው አንዷ እጅ ብቻ ናት። ጉልበቱም እንዲሁ ተከፍሏል፤ ስምንቱ እጅ ለመዞር፣ አንዱ እጅ ለመውረድ። ያ የጠፋ የመሰለን ጉልበት ሲዲዎቹ ውስጥ እየተሽከረከረ ነበር።

ግን አንድ ቁጥር ስለገጠመ ብቻ ማመን አሁንም የድሮ ጥፋታችን ነው አልን። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርን።

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ ሲዲ ጨመርን። ዮዮው ክብደቱ እጥፍ ሆነ። ከመካከላችን ሁለታችን «አሁን ይፈጥናል»፣ አንዷ «ይዘገያል» ብለን ተወራረድን። ሦስታችንም ተበላን፤ ያው 1.4 ሰከንድ። ስበቱ እጥፍ ሲሆን የመዞር እምቢታውም እጥፍ ስለሆነ ተጣፍተዋል። ቀመሩ ውስጥ I እና m አብረው አድገው እርስ በርሳቸው ይሰረዛሉ።

ቀጥለን ሲዲዎቹን እንደ ፊቱ ሁለት አድርገን ዘንጉን አቀጠንነው። የሲዲዎቹን ቀዳዳ በካርቶን ደፍነን በክዳኑ ፋንታ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል እንጨት አስገባን። ራዲየሱ 0.5 ሆነ። 6 ለ0.5፣ 12፤ በራሱ ሲባዛ 144፤ ግማሹ 72፤ አንድ ሲደመር 73። በስሌት አንዲቷን ሜትር ለመውረድ 3.8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለቀቅነው። እንደ ሸረሪት እየተንሳፈፈ ወረደ። ያለማጋነን፣ አንዷችን ሻይዋን ፉት ብላ ስኒውን እስክታስቀምጥ አልደረሰም። የለካነው ከ3.6 እስከ 3.8 ሰከንድ ነበር። በትንሹ ፈጠን ያለው የተጠመጠመው ክር ራሱ ዘንጉን ስለሚያወፍረው ነው፤ ቀጭን ዘንግ ላይ የክር ውፍረትም ይቆጠራል።

ዘንጉ ሲቀጥን ለምን ይህን ያህል ለውጥ አመጣ? ክንዱ ማጠሩ አንዱ ነው። ሌላው፣ ክዳኑ አንዴ ሲዞር 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክር ይለቅ ነበር፤ እንጨቱ ግን የሚለቀው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዲቷን ሜትር ለመውረድ ሦስት እጥፍ መዞር አለበት። ክንዱ በሦስት አጠረ፣ ዙሩ በሦስት በዛ፤ ሦስት በሦስት ዘጠኝ። 8 የነበረው 72 የሆነው በዚህ ነው።

ቤታችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር እንንገራችሁ። ክሩ ከሲዲው ገጽ ጋር እየተፋተገ ከሆነ የምትለኩት ቁጥር ይበላሻል። ይህን የምታውቁት በመመለሱ ነው፤ የጫር ጫር ድምፅ ካሰማና ከወረደበት ከግማሽ በታች ብቻ ከወጣ የምር መታከክ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ክሩ ጠንካራ ይሁን። የእኛ የመጀመሪያው ክር የተበጠሰው ዮዮው ሲወርድ አይደለም፤ ታች ሲደርስ ነው። ሲወርድ ክሩ ከክብደቱ ያነሰ ነው የሚሸከመው። ክሩ ሲያልቅ ግን ዮዮው በግማሽ ዙር ውስጥ መውረዱን ትቶ ወደ መውጣት መገልበጥ አለበት፤ በክዳኑ ዮዮ ይህ የሚፈጀው ከሰከንድ ሦስት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ክሩ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። እጅ ላይ የምትሰማው ያቺ «ጠብ» የምትል መንጨቅ እሷ ናት።

ወንድማችን የቤት ሥራውን እንደገና ሠርቶ አስገባ። ዜሮው ግን አልተነሳለትም፤ መምህሩ «ሲቀዳ ያገኘውን ነጥብ ሲገባው አልቀይርለትም፤ ፈተናው ላይ ያገኘዋል» ብለዋል። ፍርዱ ከበድ ቢልም እኛ ይግባኝ ለማለት ፊት የለንም። ያቺ መጽሔት መታተም አቁማለች፤ እርማታችንን የምናወጣበት ገጽ የለም። ጥያቄውን የላከልን ልጅም የት እንዳለ አናውቅም። ስለዚህ እዚህ አስቀመጥነው፤

ዮዮ ቀስ የሚለው ክሩ እየታከከ ስለያዘው ወይም አየሩ ስላገደው አይደለም። ሲወርድ መዞርም ስላለበት፣ የወደቀበትን ጉልበት አብዛኛውን ለመዞሩ ስለሚከፍል ነው። ባለፈው ያልነው እንዲህ ተብሎ ይነበብ።