60,000 ብሩ ከየት መጣ?

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ነርስ ሆና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የቲቢ ሥራ ትከታተላለች። «ቲቸር፣ ትንሽ ጥናት ለመሥራት ፕሮፖዛል ጽፌ ነበር፤ በጀቱና የጊዜ ሰሌዳው ላይ ተመለሰብኝ። ሒሳብ ስለሆነ እርስዎ ይዩልኝ» አለች።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ስለ ጥናትና ምርምር ምን አውቃለሁ? ልላት ነበር። ግን ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ስትነግረኝ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ሲገኝ፣ የጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሪፈር ወረቀት ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። እዚያ አክታው ይመረመራል፤ ምርመራውም ሕክምናውም ነፃ ነው። ወረቀቱ ተጽፎላቸው ጤና ጣቢያ ያልደረሱት ግን ስንት ናቸው? የት ቀሩ? ለምን? ልጅቷ ማወቅ የፈለገችው ይህንን ነው። እንዲህ ያለውን እነሱ ኦፕሬሽናል ሪሰርች ይሉታል፤ አዲስ መድኃኒት አይፈልግም፣ ያለው አሠራር የት ላይ እንደሚያፈስ ይፈልጋል።

ዝም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ከርመው አረፉ። ከቀብር በኋላ ልጃቸው ኮታቸውን ሲያነሳ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት ወጣ። ምን እንደገደላቸው የመረመረ ሰው የለም። ወረቀቱን ግን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ማታውኑ ላከችልኝ። በጀቱ ሦስት መስመር ነበረች፦ አበል 36,000፣ ትራንስፖርት 15,000፣ ልዩ ልዩ 9,000። ድምር 60,000። የሚፈቀደው የገንዘብ ጣሪያም ልክ 60,000! ከጎኑ አንዱ ገምጋሚ በቀይ «ከየት መጣ?» ብሎ ጽፎበታል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የምጽፈው። ተማሪ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አይቶ ሥሌቱን ወደ ኋላ ሲሠራ አስተማሪ ወዲያው ያውቃል፤ ይህም ያው ነው። ከጣሪያው ተነስታ ወደ ታች ከፋፈለችው።

«36,000 እንዴት መጣ?» አልኳት።

«ስድስት ሰው፣ አሥራ አምስት ቀን፣ በ400 ብር።»

«ለምን ስድስት? ለምን አሥራ አምስት?»

ዝም አለች። እንግዲህ ሥራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። (400 ብሩ ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ የአበል ተመን አለው፤ ተመኑን ከደብዳቤው ቀን ጋር መጥቀስ ያስፈልጋል።)

ገንዘቡን ትተን ሰዎቹን ቆጠርን። ጥናቱ ሦስት ጤና ጣቢያና በሥራቸው ያሉ 15 ጤና ኬላዎችን ይሸፍናል። በስድስት ወር ውስጥ ወደ 240 ሰው ሪፈር ይጻፍለታል። ከእነዚህ ስንቱ እንደሚቀር መዝገቦቹ ሳይመሳከሩ አይታወቅም፤ ግን ሳይታወቅም ማቀድ አለባት። ስለዚህ ከአንድ ጤና ጣቢያ የአንድ ወር መዝገብ እንድታይ ላክኋት። 14 ሰው ተልኮ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የተገኙት 9 ነበሩ። አምስቱ የሉም። 240ን በ5 አባዝተን ለ14 ስናካፍል 86 አካባቢ መጣ፤ 90 ብለን ያዝነው። የአንድ ወር መዝገብ ትንሽ ነው፣ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህንንም እዚያው ጻፍነው። ገምጋሚ የሚናደደው ግምት ስላየ አይደለም፣ ግምቱ ከየት እንደተነሳ ስላላየ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቀበሌዎቹ በእግር ናቸው፤ አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን ሦስት ቤት ቢደርስ ጥሩ ነው። 90 ቤት ለሦስት፣ 30 የሰው ቀን፤ ማለትም አንድ ሰው 30 ቀን ቢሠራ ወይም ሠላሳ ሰው አንድ ቀን ቢሠራ። ከሦስት ቤት አንዱ ላይ ሰውዬው አይገኝም፣ ተመልሶ መሄድ አለ፤ ስለዚህ 30 ተጨማሪ ጉዞ፣ 10 የሰው ቀን። ድምር 40። አራት ሰው አሥር ቀን ይሠራዋል። በ400 ሲባዛ 16,000 ብር ነው። የልጅቷ ስድስት ሰው በአሥራ አምስት ቀን ግን 90 የሰው ቀን ነው፤ ከእጥፍ በላይ!

የበጀት ማብራሪያ የሚሉት እንግዲህ ይኸው ነው። እሷ መጀመሪያ «መረጃ ለመሰብሰብ አበል አስፈላጊ ስለሆነ» ብላ ነበር የጻፈችው። አስፈላጊ መሆኑንማ ማን ካደ? አሁን እንዲህ ይላል፦ «90 ቤት፣ በቀን 3 ቤት፣ 30 የሰው ቀን፤ ከሦስት አንዱ ድጋሚ ስለሚጎበኝ 10 የሰው ቀን፤ በድምሩ 40፣ በቀን 400 ብር።» ሁለት መስመር ናት፤ የሚከራከር ሰው ካለ የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚከራከር ያውቃል።

መዝገብ ለማመሳከር 28 የሰው ቀን ወጣ፣ 11,200 ብር። ለስልጠናና ለሙከራ ስድስት ሰው ሁለት ቀን፣ 4,800። ለተቆጣጣሪ 5,000፣ ለወረቀትና ለስልክ ካርድ 3,000፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለባለሙያዎቹ ለማስረዳት 5,000። ነዳጅን በብር ከመጻፍ በፊት በሊትር ጻፍነው፦ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በሊትር ስንት ይሄዳል፣ 40 ሊትር፤ ዋጋው 130 ተብሎ ሲያዝ 5,200። ምክንያቱም ፕሮፖዛል በገባበትና ገንዘቡ በሚለቀቅበት መካከል የነዳጅ ዋጋ ይቀየራል፤ ሊትሩ ግን አይቀየርም። ኮምፒውተርና የእሷን የራሷን ጊዜ ደግሞ ዜሮ ብለን ጻፍን፤ ደመወዝ የሚከፈላት ስለሆነ። ዜሮ መሆኑን መጻፉ መርሳት አለመሆኑን ያሳያል።

እስከዚህ ድረስ 50,200 ብር። ልጅቷ ደስ አላት፣ «የተረፈውን ልዩ ልዩ ላይ ልመልሰው?» አለች።

እኔ የአዛውንቱ ኮት ነበር በሐሳቤ የነበረው። «መረጃ ሰብሳቢዋ ቤት ስትገባ ሰውዬው አሁንም እያሳለ ቢያገኛትስ? መጠይቁን ሞልታ ደህና ይዋሉ ብላ ትወጣለች?»

ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። በቅጹ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። አሠራሩ የት ላይ እንደሚያፈስ የሚያጠና ሰው ግን ያገኘውን ሰው እዚያው ትቶ ሲሄድ እሱም አፈሰሰ ማለት ነው። ከ90ው 30ው አሁንም ሳል ቢኖርባቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ደርሶ መልስ 200 ብር ቢፈጅ፣ 6,000 ብር። ይህቺ መስመር ገባች። 56,200 ሆነ። በላዩ 5 ከመቶ መጠባበቂያ፣ 2,810 ብር። ጠቅላላ 59,010። «ልዩ ልዩ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ጠፋ።

የጊዜ ሰሌዳው የባሰ ነበር። ሰኔ ዝግጅት፣ ሐምሌ ስልጠና፣ ነሐሴ ቤት ለቤት፣ መስከረም ሪፖርት። ሠንጠረዡ በቀለም ተሞልቶ ያምራል፤ ግን የእኛን ወረዳ የሚያውቅ ሰው የሠራው አይመስልም። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ በሰኔ የወጣ ገንዘብ በዚያው ወር ይወራረዳል ወይ ይመለሳል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከ15ቱ ቀበሌ ስንቱ ጋ ነው ሞተር የሚገባው? ሁለቱን ወንዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሁሉም በላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሠንጠረዡ ላይ ጭራሽ የለም። ከፈቃዱ በፊት አንድም ሰው አይጠየቅም፣ ለሙከራም ቢሆን። ኮሚቴ ደግሞ አንዴ አስተያየት ሰጥቶ ይመልሳል፤ ለዚህ ሁለት ወር ያስፈልጋል፣ የድጋፍ ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች እስኪወርድም ሌላ ጊዜ።

ስለዚህ ከኋላ ጀመርን። ውጤቱ ለማን ነው? የወረዳው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲጻፍ እንዲደርስ ከተፈለገ መጋቢት ላይ ማለቅ አለበት። ትንተናው የካቲት። ቤት ለቤቱ ጥር። ኅዳር ላይ እናድርገው ብላ ነበር፤ ኅዳር አጨዳ ነው፣ ቤት የሚገኘው ውሻው ብቻ ነው። መዝገብ ማመሳከሩ ግን መስክ ስለማያስፈልገው ኅዳር ላይ ተጀምሮ ታኅሣሥ መጨረሻ ያልቃል። ከጥምቀት በኋላ፣ ከጥር 15 ጀምሮ አሥር የሥራ ቀን።

እዚህ ላይ አንድ ያስደሰተችኝ ነገር። የበዓል ቀኖችን ሁሉ ከሰሌዳው አውጥታ ነበር። እኔ ደግሞ ጥር 21ን መልሰሽ አስገቢ አልኳት። ማርያም ቀን ገበሬው ሞፈር አይጨብጥም፤ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ነው። ሰው የሚገኝበትን ቀን አውጥተሽ የማይገኝበትን ማስገባት ምን ይባላል? ሳቀች።

ወሮቹ ሲንሸራተቱ የሪፈር ወረቀቶቹ ጊዜም አብሮ መንሸራተት ነበረበት። ሰሌዳው ወደ ጥር ሄዶ ጥናቱ «ከጥር እስከ ሰኔ የተላኩ» እንዳለ ቢቀር፣ መጀመሪያ የተላከው ሰው ከተላከ ዓመት ይሞላዋል። ለምን እንዳልሄደ አያስታውስም፤ ወይም በሕይወት የለም። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የተላኩት ተባለ። እንዲህ ያለውን ሰሌዳውን ብቻ ያረመ ሰው አያየውም፤ እኛም ልናልፈው ስንል ነው ያየነው።

ሰኔ ላይ ገባ። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የመጣው» አለችኝ። የሕሙማኑ ትራንስፖርት ለምን ለሁሉም 200 ሆነ? ቅርቡ ቀበሌ በ40 ብር ደርሶ መልስ ያደርሳል፣ ሩቁ ደግሞ በ200ም አያደርስም። እውነታቸውን ነው፤ ያቺን ቁጥር እኔው ነኝ በግምት ያስቀመጥኳት። ለአበሉ ያን ያህል ተጨቃጭቄ!

አሁን የ15ቱን ቀበሌ ታሪፍ በሠንጠረዥ እየሠራን ነው። ዘጠኙን አግኝተናል። ከወንዙ ማዶ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያው በሞተርም በባጃጅም በገበያ ቀንና በሌላው ቀን ስንት እንደሚያስከፍል በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስከ ዓርብ ብቻ ነው ጊዜ ያለን።