ነቀምቴ የተጻፈ ማመልከቻ ሊዮን ሲደርስ

ነቀምቴ ላይ የሚጻፍ የሥራ ማመልከቻ አንድ ገጽ አይሞላም። ከላይ ቀኑና የድርጅቱ ስም፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ»፣ ቀጥሎ አመልካቹ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት መወዳደር እንደሚፈልግ የሚገልጹ ሁለት ሦስት መስመሮች፣ በመጨረሻም «ከሠላምታ ጋር» እና ፊርማ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦታል፤ ስሙንና የሥራ መደቡን ብቻ ይቀይራል። ለኦሮሚያ መሥሪያ ቤት በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ለሆነ ድርጅት በአማርኛ ያትመዋል። የደብዳቤው ባዶነት ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት አመልካቹ የሚመዘነው በተያያዘው ወረቀት ነው። ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱና የሥራ ልምዱ ኦርጂናልና ኮፒ ሆነው በአካል ይቀርባሉ፤ መዝጋቢው ያመሳክራል፣ ኮሚቴው ነጥብ ይሰጣል። ማመልከቻው መሸኛ ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ለመጀመሪያ ዙር የሚላከው አንድ ገጽ ሲቪና፣ ከተጠየቀ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ዲግሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ለቅጥር ሲቃረቡ ነው። ስለዚህ በአባሪነት ይያያዝ የነበረው ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ በዐረፍተ ነገር ካልገባ፣ አንባቢው የሚያየው ሰላምታና ፊርማ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ ስንሠራ ይህ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ፣ ነቀምቴ በአንድ ቡና አቅራቢ ዘንድ ከሦስት ዓመት በላይ ሠርታለች። አሁን ሊዮን ነች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ መሥራት ይፈቅድላታል። ያመለከተችው ለረዳት የሒሳብ ሠራተኝነት ነው። የአማርኛ ማመልከቻዋ እንዳለ ቢተረጎም «በሒሳብ ሠራተኝነት ለመወዳደር በትሕትና እጠይቃለሁ» ከማለት አያልፍም። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋም ደመወዟንና «በመልካም ሥነ ምግባር ማገልገሏን» ይናገራል እንጂ ምን ስትሠራ እንደዋለች አንድ ቃል የለውም።

ስለዚህ ፈረንሳይኛውን ትተን በጥያቄ ጀመርን። ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ ምን ትነኪያለሽ? ከጊምቢና ከነጆ የሚገባውን ቡና የሚዛን ወረቀት ከግዢ ደረሰኝ ጋር ታመሳክራለች። የአቅራቢዎችን ክፍያ ትመዘግባለች። በወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ታስታርቃለች፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ታዘጋጃለች። በፒችትሪ ነበር የምትሠራው። እነዚህ አራት ነገሮች ናቸው የደብዳቤዋ ሥጋ የሆኑት።

ፒችትሪን ፈረንሳይ ውስጥ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የፒችትሪ ባለቤት ግን ሴጅ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ሴጅ ደግሞ በፈረንሳይ የሒሳብ ቢሮዎች የታወቀ ስም ነው። ሲቪው ላይ «ፒችትሪ (የሴጅ ምርት)» ተብሎ ተጻፈ። የፈረንሳዩን ሴጅ እንደምታውቅ አስመስሎ መጻፍ ግን አይገባም፤ ፕሮግራሞቹ ይለያያሉ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ በአንድ ጥያቄ ይጋለጣል። የሒሳብ መደቡም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የሒሳብ ቁጥሮች በሕግ የተወሰኑ ናቸው፦ አቅራቢ 401፣ ደንበኛ 411፣ ባንክ 512። ይህን ገና እየተማረች መሆኗን ደብዳቤው በአንድ መስመር ተናገረ። ጉድለትን ቀድሞ መናገሩ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ እኔ ግን ቀጣሪው ራሱ ከሚደርስበት ይሻላል ባይ ነኝ።

የደብዳቤው አካሄድ በፈረንሳዮች ዘንድ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ስለ ድርጅቱ፣ ቀጥሎ ስለ አመልካቹ፣ ከዚያ ስለ ሁለቱ አብሮ መሥራት። የእኛ ሰው የሚንሸራተተው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ «ታዋቂና አንጋፋ ድርጅታችሁ» ብሎ ያወድሳል። እዚህ የሚፈለገው ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅህን የሚያሳይ አንድ ተጨባጭ ነገር ነው። እሷ ያመለከተችበት ድርጅት የምግብ አስመጪ ነበርና የሚዛን ወረቀትና የአቅራቢ ክፍያ ልምዷ በቀጥታ ተገናኘለት። ከመዝጊያው ጋር ግን አልተቸገርንም። «ማዳም፣ ሙሲዮ» ተብሎ ተጀምሮ «የከበረ ሰላምታዬን እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ» በሚመስል ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው የሚያልቀው። በአማርኛ ማመልከቻ ያደገ ሰው እዚህ ቦታ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ፈረንሳይኛው ይመቸዋል።

ከሲቪው ብዙ ነገር ወጣ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የጤንነት ሁኔታ፣ ሦስት የምስክር ስሞች ከነስልካቸው፣ «ከላይ የተጻፈው ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚለው መዝጊያ ሁሉ ተሰረዘ። የፈረንሳይ የሠራተኛ ሕግ ቀጣሪ ከአመልካች የሚጠይቀው መረጃ ከሥራው ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ያለው መሆን አለበት ይላል፤ በዕድሜ፣ በትውልድ፣ በቤተሰብ ሁኔታ ማበላለጥንም ይከለክላል። ፎቶም ግዴታ አይደለም። ተያዥ ማቅረብ የሚባል ነገር ለሒሳብ ሠራተኛ እንኳ የለም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በዓመተ ምሕረት ነው። ልጅቷ የተመረቀችው ሐምሌ 2010 ነው፤ ሥራ የጀመረችው መስከረም 2011። በሁሉም ላይ 7 የሚደምር ሰው ምርቃቷን 2017፣ ሥራዋን 2018 ያደርገዋል፤ በመሃል ያልነበረ የአንድ ዓመት ክፍተት ይፈጠራል። የፈረንሳይ ቀጣሪ ደግሞ ክፍተት ሲያይ «በዚህ ጊዜ የት ነበርሽ?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛው ስሌት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 መደመር ነው። ምርቃቷ ጁላይ 2018፣ ሥራዋ ሴፕቴምበር 2018 ሆነ። ሐምሌ ተመርቃ መስከረም የገባች ልጅ ናት።

ስምም የወለጋን ልጅ ያስቸግራል። ጫልቱ የምትባል ሴት ቀበሌ መታወቂያዋ ላይ በቁቤ Caaltuu፣ ዲግሪዋ ላይ Chaltu ልትሆን ትችላለች። ፈረንሳዊ አንባቢ የቁቤውን ፊደል በራሱ ልማድ «ካልቱ» ብሎ ያነበዋል፣ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውንም ላያስተውል ይችላል። በዚያ ላይ እዚህ ቅጹ የራስና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የእኛ የአባትና የአያት ስም የት ይግባ? መፍትሔው በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ እንዳለው አድርጎ መጻፍ ነው፣ ዲግሪው ቢለይም። ዲግሪውን በተመለከተ ኤኒክ ናሪክ የተባለው ማዕከል የውጭ አገር ዲግሪ በፈረንሳይ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚነጻጸር የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። የግል ቀጣሪ የግድ አይጠይቀውም፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲን ለማያውቅ አንባቢ ግን ይጠቅማል። አማካይ ውጤቷን ወደ 20 ለመቀየር አትሞክሩ። 3.4 ከ4 በስሌት 17 ከ20 ይመጣል፤ እዚህ 16 ራሱ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚባል ስለሆነ ማጋነን ይመስላል። «3.4 ከ4» ብሎ መተው ይበቃል።

በቋንቋዎች ተራ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ፈረንሳይኛው በአውሮፓ መለኪያ፣ የእሷ ቢ1 ነው። ሲቪውን ፍራንስ ትራቫይ፣ እስከ 2023 መጨረሻ ፖል አምፕሎዋ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ለተመዘገበ ሥራ ፈላጊ በነጻ ያይለታል፤ ቀጠሮ ያዙ።

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ አሠሪዎችና የሰው ኃይል ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሠራተኛ ስትሸኙ በሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ከደመወዙና ከሥነ ምግባሩ ሌላ የሠራውን ሥራ በሦስት መስመር ዘርዝሩለት፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት።