ድምሩ እኩል ነበር

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ጀማሪ ዴቨሎፐር ሲፈልግ ከጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሦስተኛ የገባው ተፈታኝ የካምፓስ የግሩፕ ጓደኛዬ ሆኖ ተገኘ። ሲቪው ላይ አራተኛ ዓመት አብረን የሠራነው የላይብረሪ ሲስተም አለ። አለቃዬ «እስቲ ዳታቤዙን እንዴት እንዳዋቀራችሁት ንገረን» አለው። ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

ዳታቤዙን ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። ኮዱንም፣ ሪፖርቱንም እንዲሁ። የእሱንና የሌሎቹን አራት ልጆች ስም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካቨር ፔጁ ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሥራውን አላገኘም።

አንድ ለአምስት ነበርን። አስተማሪው የክፍሉን ስም ዝርዝር በግሬድ ደርድሮ ሰቃዮቹን መሪ አደረገና የቀረነውን አከፋፈለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ደከም ያለው ከጎበዙ ይማራል ነው። እንደኔ እንደኔ ግን የሆነው ሌላ ነው። ጎበዙ ሁለት ጊዜ ተማረ፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ አስደረገ። (ሞባይል ካርድ የሚገዛልኝም እሱ ነበር፤ ያኔ ፍትሐዊ መስሎን ነበር።)

ከኢንተርቪው በኋላ ብዙም ሳልቆይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለ24 ወጣቶች የዌብ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ የስድስት ሳምንት ፕሮጀክት አለ። አራት አራት ሆነው ስድስት ግሩፕ ይወጣቸዋል። አስተማሪያችን የተሳሳተው ሒሳቡን ነው ብዬ ስለማምን ሒሳቡን አስተካከልኩ። ከ30 የታረመ ፈተና ሰጠሁ፣ ከአንደኛ እስከ ሃያ አራተኛ ደረደርኳቸው፣ ከዚያ እንደ እባብ እየተጠማዘዝኩ አደልኳቸው። ማለትም መጀመሪያ ከግሩፕ 1 ወደ ግሩፕ 6፣ ቀጥሎ ከ6 ወደ 1፣ እንደገና ከ1 ወደ 6።

```python
students.sort(key=lambda s: s["score"], reverse=True)
groups = [[] for _ in range(6)]
for i, s in enumerate(students):
    r, k = divmod(i, 6)
    groups[k if r % 2 == 0 else 5 - k].append(s)
```

ግሩፕ 1 ውስጥ 1ኛ፣ 12ኛ፣ 13ኛ እና 24ኛ የወጡት ገቡ። ግሩፕ 6 ውስጥ ደግሞ 6ኛ፣ 7ኛ፣ 18ኛ እና 19ኛ። ደረጃቸውን ደምሩት፤ ሁለቱም 50 ይመጣል። ስድስቱም ግሩፕ 50 ነው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የግሩፕ 1ን ፕሮጀክት ከፍቼ `git shortlog -sn` ብዬ ጻፍኩ። ትእዛዙ ማን ስንት ኮሚት እንዳደረገ ይቆጥራል። ከ41 ኮሚት 38ቱ የአንደኛው ልጅ ነው። 24ኛው ልጅ አንድም የለውም። የግሩፕ 6ን ስከፍት ግን 14፣ 11፣ 9 እና 6 ነው። ድምራቸው እኩል የሆነ ሁለት ግሩፖች እንዴት እንዲህ ይለያያሉ?

ቅዳሜ ከጎናቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ግሩፕ 1 ውስጥ 24ኛው ልጅ ሲጠይቅ አንደኛው እንደ ታናሽ ወንድሙ ያስረዳዋል፤ ሦስት ደቂቃ ሞክሮ ሲያቅተው «ቆይ፣ ስጠኝ» ይልና ኪቦርዱን ይወስዳል። ክፋት የለበትም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልጁ የሚያውቀውና አስረጂው የሚናገረው በጣም ስለተራራቁ አንዱ ለሌላው የሚያቀብለው ነገር የለም። ከሁሉ የገረሙኝ ግን 12ኛውና 13ኛው ናቸው። መሪውን አያግዙም፤ ይቀድማቸዋል። ደካማውን አያስረዱም፤ እሱን መሪው ይዞታል። ዝም ብለው ስልካቸውን ይነካካሉ። ግሩፕ 6 ውስጥ በላይኛውና በታችኛው ልጅ መካከል ያለው ርቀት 13 ደረጃ ነው። ግሩፕ 1 ውስጥ 23 ነው። ድምሩን እኩል ያደረገልኝ መጠማዘዝ ርቀቱን ነበር ያበላሸብኝ።

በሁለተኛው ዙር፣ እንደገና 24 ተማሪ ሲመጣ፣ ያንን የመጨረሻ መስመር በዚህ ቀየርኩት።

```python
    groups[i % 6].append(s)
```

አሁን ሁሌም ከግሩፕ 1 ወደ 6 ነው፣ መመለስ የለም። ግሩፕ 1 1ኛ፣ 7ኛ፣ 13ኛ፣ 19ኛ ሆነ። ግሩፕ 6 ደግሞ 6ኛ፣ 12ኛ፣ 18ኛ፣ 24ኛ። በየግሩፑ ከላይ እስከ ታች ያለው ርቀት እኩል 18 ነው፤ ከአንዱ ልጅ እስከ ቀጣዩ ደግሞ ስድስት ደረጃ። ደካማው የሚጠይቀው ሰቃዩን ሳይሆን ትንሽ የሚበልጠውን ነው፤ ያኛው ደግሞ ያ ነገር የገባው ባለፈው ወር ስለሆነ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ገና አልረሳም። መሀል ያሉትም ሥራ አገኙ።

ዋጋ አለው። የግሩፕ 1 ድምር 40፣ የግሩፕ 6 ድምር 60 ነው፤ ስለዚህ ግሩፕ 6 በአቅም ያንሳል። እኔ ሥራውን አስተካከልኩ። ለግሩፕ 1 ሰፋ ያለ ፕሮጀክት፣ ለግሩፕ 6 ጠበብ ያለ ሰጠሁ። ግሩፖቹን በአንድ ሚዛን አሽቀዳድሜ የምሸልም ቢሆን ይህ አይሠራም።

ኮዱ የማያያቸው ነገሮችም ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር 6 ሴቶች ነበሩና «ለፍትሐዊነት» ለየግሩፑ አንድ አንድ ደርሰው ነበር። ስድስቱም ፓወር ፖይንት ሠሪ ሆኑ። ባርባራ ኦክሊና ሪቻርድ ፌልደር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ተማሪዎች ግሩፕ ባወጡት ጽሑፍ ይህንን ያስጠነቅቃሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነውን አንድ አንድ አድርገህ አትበትን ይላሉ። ሰዎቹ ከክፍል ውጭ የሚገናኙበት የጋራ ሰዓት እንዲኖራቸውም ይመክራሉ። ቀድሜ ባነበብኩት። በሁለተኛው ዙር 8 ሴቶች ስለነበሩ በአራት ግሩፕ ሁለት ሁለት ሆኑ።

የጋራ ሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ጉዳይ ነው። ኮዬ ፈጬ የሚገባ ልጅና ቡራዩ የሚገባ ልጅ ከክፍል በኋላ ቁጭ ብለው አይሠሩም፤ ከመሸ ሰልፉ ነው። ስለዚህ ከፈተናው ጋር ሁለት ጥያቄ ጨመርኩ፦ ላፕቶፕ አለህ? ወደ ቤትህ ስትሄድ የት ትሳፈራለህ? ኮዱ ካወጣው በኋላ በእጄ አቀያየርኩ፤ ግን 7ኛን ከ8ኛ ጋር እንጂ 7ኛን ከ20ኛ ጋር አይደለም። ከ30 ላይ የአንድ ነጥብ ልዩነት ስለማንም ምንም አይነግረኝም፤ ጎረቤታሞችን ማቀያየር ግሩፑን አያፈርስም።

ሁሉም አልተሳካም። ግሩፕ 4 ውስጥ ሁለት ልጆች ተኳርፈው በየግላቸው ሠሩ። ያንን የትኛውም ድርደራ አያሳይም።

አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ። በማቅረቢያው ቀን ማን እንደሚያስረዳ የሚወሰነው በዕጣ ነው፣ ነጥቡ ግን የአራቱም ነው። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ነገርኳቸው።

ግሩፕ 6 የኳስ ሜዳ ማስያዣ ነበር የሠራው። ወረቀቱን ስከፍት 24ኛ የወጣችው ልጅ ስም ወጣ። እጄ ትንሽ ቀዘቀዘ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት፣ «ዳታቤዙን እንዴት አዋቀራችሁት?»

«መጀመሪያ ቲቸር፣ ሁለት ሰው ያንኑ ሜዳ ለያንኑ ሰዓት እኩል ከተጫኑት ለሁለቱም ይይዝላቸው ነበር» አለች። «ኮዱ ላይ እናጣራው ብዬ ጻፍኩ፣ ግን እኩል ሲመጡ ሁለቱም ባዶ ነው ብለው ያልፋሉ። ከዚያ እሱ ነው ሜዳውንና ሰዓቱን አንድ ላይ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል ያለኝ። ላሳይዎት?»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።