ከተሞክሮዬ፦ የሚጽፈው ሞዴልና የሚስለው ሞዴል

ለቡና ቤቶች ፖስተር እሠራለሁ። ጽሑፍ ብቻ በሚያወጣ ሞዴልም ሆነ ከጽሑፍ ምስል በሚሠራ ሞዴል አዘውትሬ እጠቀማለሁ። የሁለቱን ልዩነት እንዲህ ተረድቼዋለሁ።

1. የሚጽፈው ሞዴል «ሲስል» የሚሰጠው ኮድ ነው። ሥራው ካለፈው ጽሑፍ ተነስቶ ቀጣዩን የቃል ቁራጭ መምረጥ ነው። ጀበና እንዲስል ሲታዘዝ ቅርጹን በቁጥር ይገልጻል። ሆዱ ይህን ይመስላል፦

```
<svg xmlns="http://www.w3.org/2000/svg" width="200" height="200">
  <circle cx="100" cy="120" r="60" fill="black"/>
</svg>
```

ይህን በ`.svg` ፋይል አስቀምጬ በብሮውዘር ስከፍተው ጥቁር ክብ ይወጣል። ክቡን የሳለው ብሮውዘሩ ነው፤ ሞዴሉ ውጤቱን ስላላየ እጀታው ከሆዱ ተነጥሎ ቢንጠለጠልም አያውቅም። በሌላ በኩል 60ን 70 ሳደርገው ሆዱ ብቻ ይሰፋል፤ ሌላው ንክች አይልም። ስለዚህ ለዓርማና ለቀላል ቅርጽ እሱን እመርጣለሁ።

2. የሚስለው ሞዴል ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይነሳል። በ2022 የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን በዚህ መንገድ ይሠራል። ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ወደ ምስል ይለውጠዋል፤ የጻፍነው ገለጻ በየደረጃው አቅጣጫ ያሳየዋል። መነሻው ነጠብጣብ ሲድ በሚባል ቁጥር ይወሰናል። ገለጻው ሳይነካ ሲዱ ብቻ ቢቀየር ሌላ ጀበና ይወጣል። የወደድኩት ምስል ሲገኝ ሲዱን ከገለጻው ጋር መዝግቤ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

3. የማትፈልጉትን ነገር በገለጻው ውስጥ አትጥሩ። የሚጽፈው ሞዴል «ስኒ የሌለበት ረከቦት» ሲባል በደንብ ይረዳል። የሚስለው ግን ብዙ ጊዜ ስኒውን ይደረድረዋል፤ የተማረው ከምስሎችና ከመግለጫዎቻቸው ስለሆነ «ስኒ» የሚለው ቃል ራሱ ስኒ ይጎትታል። «ባዶ ረከቦት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ወይም መሣሪያው የማይፈለጉ ነገሮች መጻፊያ ቦታ ካለው «ስኒ»ን እዚያ አስገባለሁ።

4. አማርኛውን ለየብቻ ያዙት። የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊውዥን ገለጻ የሚያነብበት ክፍል በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ሲሆን፣ የሚቀበለው ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቶቹ ጋር 77 የቃል ቁራጭ ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በUTF-8 3 ባይት ስለሚይዝ የአማርኛ ገለጻ ቦታውን ቶሎ ይሞላዋል፤ ትርፉ ይቆረጣል። ስለዚህ የአማርኛ ሐሳቤን የሚጽፈው ሞዴል ወደ አጭር የእንግሊዝኛ ገለጻ ይለውጥልኛል፣ የሚስለው ምስሉን ይሠራል። እንዲህ ያለው ሞዴል በምስሉ ላይ «ቡና» ብሎ እንዲጽፍ ቢታዘዝ የሚያወጣው ፊደል የሚመስል ጭረት ነው።

የፖስተሩን ጽሑፍ ሁልጊዜ በራሳችሁ እጅ፣ በትክክለኛ የአማርኛ ፎንት ጻፉ፤ ከማተማችሁ በፊትም ፊደል በፊደል አንብቡት።